አንቲባዮቲክ የጀመረ ልጄን ተቅማጥ ያዘው፤ የፕሮባዮቲክ ዱቄት ልግዛ ወይስ እርጎ ይበቃዋል?

እናት ከሽምብጥ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ ጆሮውን ታሞ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ለ7 ቀን ታዘዘለት። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ጆሮው ተሽሎታል፣ ትኩሳቱም ጠፍቷል። ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ በቀን አምስት ጊዜ ያህል ቀጭን ተቅማጥ ያስቀምጠዋል። ደም የለበትም፤ ይጠጣል፣ ይጫወታል።

መድኃኒት ቤት ሄጄ ስጠይቅ አንድ ፓኬት ዱቄት አሳዩኝና “ጥሩ ባክቴሪያ ነው፣ መጥፎውን ያባርርለታል” አሉኝ። ዋጋው ለእኔ ቀላል አይደለም። እናቴ ደግሞ “እርጎ ሞልቶ ምን ዱቄት ያስገዛሻል” ትላለች። ከመግዛቴ በፊት አንድ ነገር መረዳት እፈልጋለሁ፦ ባክቴሪያ ባክቴሪያን የሚያባርረው እንዴት ነው? የልጄ ሆድ ውስጥስ የሚባረር ነገር መኖሩን በምን አውቃለሁ?

የፋርማሲ ባለሙያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንጀትን ግድግዳ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄድ አውቶቡስ አስቢው። መቀመጫው የተወሰነ ነው። ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ቀድመው ከተቀመጡ በሽታ አምጪው የሚቀመጥበት አያገኝም፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። አንቲባዮቲኩ ጥሩዎቹንም ስለሚገድል መቀመጫው ባዶ ይሆናል። ፕሮባዮቲክ ያንን ባዶ ቦታ ይሞላል። ስለዚህ በቢሊዮን የሚቆጠረው ቁጥሩ በበዛ መጠን ይሻላል፤ ዓይነቱ ብዙ አያስጨንቅሽ።

ነርስ ጣና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ከባክቴሪያው ጨዋታ በፊት ስለ ልጁ ላንሳ። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ኦአርኤስ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው፣ ምግቡንም አታቋርጪበት። ዚንክ ለተቅማጥ ከስድስት ወር በላይ ላሉ ልጆች በቀን 20 ሚሊግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ጤና ጣቢያ ጠይቂ። አንቲባዮቲኩን በራስሽ አታቋርጪ። ደም ካየሽ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ መጠጣት እምቢ ካለ ወይም ከተለመደው በላይ ከደከመ ግን ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ሂጂ።

የላብራቶሪ ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ነርስ ጣና የጻፉት ይቅደም፤ የእኔ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነው። በማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህ ጥያቄም ሁልጊዜ ይስበኛል።

የአውቶቡሱ ምሳሌ ከእውነቱ ትንሹን ክፍል ነው የያዘው። ጤነኛ በሆነ ትልቅ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ ግድግዳው ላይ አይቀመጥም። በመካከል የሚያሙለጨልጭ ንፍጥ አለ፤ እሱም ሁለት ድርብ ነው። የላይኛው ልል ስለሆነ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል። ከሴሎቹ ጋር የተጣበቀው የታችኛው ግን ድርና ማጉ የጠበቀ ነው፤ ባክቴሪያ የለበትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዋናው ፉክክር በመቀመጫ ሳይሆን በገበታ ነው። ነባሮቹ ባክቴሪያዎች የሚገኘውን ስኳር ሁሉ ጠራርገው ስለሚበሉ ለእንግዳ የሚተርፍ የለም።

የነባሮቹ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። ቦንሆፍና ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለአይጦች ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በአፋቸው ይሰጡ ነበር። ከአይጦቹ ግማሹ በበሽታው እንዲያዝ ወደ 100,000 ባክቴሪያ ያስፈልግ ነበር። አስቀድመው ስትሬፕቶማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ሲሰጧቸው ግን ከ10 ያነሰ በቃ። አይጡ ያው አይጥ ነው፣ ሳልሞኔላውም ያው ነው። የተለወጠው የአንጀቱ ነዋሪ ብቻ ነው።

በኋላ ደግሞ ለዚህ አንዱ ምክንያት ኦክስጅን እንደሆነ ታወቀ። አንዳንድ ነባር ባክቴሪያዎች ያልተፈጨ የእህል ቃጫ ሲያቦኩ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ማገዶ ይህ ነው። ሴሎቹ ቡቲሬትን ሲያነዱ ከደም የመጣውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ወደ አንጀቱ ውስጥ የሚሾልክ አይኖርም። አንቲባዮቲክ ቡቲሬት ሠሪዎቹን ሲያጠፋ ሴሎቹ ማገዷቸውን ይለውጣሉ፤ ኦክስጅኑ ይተርፍና ይሾልካል። ሳልሞኔላ ደግሞ ኦክስጅን ካገኘ የሚፋፋ ፍጥረት ነው።

እዚህ ላይ መድኃኒት ቤቱ ያልነገረሽ ነገር አለ። በእንዲህ ያሉ ፓኬቶች ብዙ ጊዜ የሚገኙት ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ቡቲሬት አይሠሩም። የሚሠሩት በዋናነት ላክቲክ አሲድ ነው። ያንን ላክቲክ አሲድ ወስደው ቡቲሬት የሚያደርጉት ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ከሞቱ ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ዱቄቱ የጠፋውን መንደር የሚተካ ሳይሆን ወደ መንደሩ የሚገባ አንድ ቤተሰብ ነው።

ወደ ልጅሽ ስመለስ፣ በአብዛኛው በአንቲባዮቲክ ጊዜ የሚመጣ ተቅማጥ ጀርባው ላይ በሽታ አምጪ የለም። ነባሮቹ ሲያንሱ የሚያቦኩት ስኳርና ቃጫ ሳይቦካ ይቀራል፤ ያም ውኃ ወደ አንጀት ይስባል። ክላቩላኒክ አሲድ ደግሞ በራሱ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያፈጥናል። ስለዚህ ምናልባት የሚባረር ጠላት የለም። የጎደለው ሠራተኛ ነው።

የዓባይ ድልድይ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:10

ይህማ የእምቦጭ ታሪክ ነው! ደንገሉ የተነሣበትን የጣና ዳር እምቦጭ ወረሰው። ደንገሉን መልሰን ብንተክል እምቦጩ ቦታ ያጣል ማለት ነው?

የላብራቶሪ ሰው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:40

ምሳሌህን ወደድሁት፤ ግን እስከ መጨረሻው እንውሰደው። እምቦጩን በጀልባና በእጅ ስንት ጊዜ አወጣነው፤ ተመልሶ መጣ። ከማሳና ከከተማ የሚታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ሐይቁ እስከገባ ድረስ ገበታው ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። አንጀትም እንዲሁ ነው፦ ማን ተቀመጠ ከሚለው ይልቅ ምን የሚበላ ተረፈ የሚለው ይበልጣል።

ጋሽ ዘጌ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ልጆቼ፣ እኔ ጨጓራዬን ለ20 ዓመት ስታመም ኖሬአለሁ። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ እርጎ ስጠጣ ቃጠሎው ይበርድልኛል። ስለዚህ ለጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒቱ እርጎ ነው፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። ደግሞስ ምን ያስጨንቃል? በየቀኑ የምንበላው እንጀራ በእርሾ የቦካ አይደለምን? ከዚያ የበለጠ ባክቴሪያ ከየት ይመጣል?

ነርስ ጣና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:25

ጋሽ ዘጌ፣ ቃጠሎዎ ስለበረደ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የተጠየቀው ስለ ሕፃን አንጀት ነው፤ የጨጓራው ባክቴሪያ ሌላ ነው፤ በእርጎ ብቻም አይጠፋም። ተመርምረው የማያውቁ ከሆነ እባክዎ ይመርመሩ። እንጀራውን በተመለከተ ሊጡ ውስጥ ያሉት እርሾና ባክቴሪያዎች ሕያው ናቸው፤ ምጣዱ ላይ ግን ይሞታሉ። ዓይን ያወጣ ትኩስ እንጀራ ሲነሣ ሕያው ባክቴሪያ አይኖረውም።

ጋሽ ዘጌ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:50

እሺ፣ ምጣዱ ይገድላቸዋል። የሞተ ባክቴሪያ ታዲያ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው? ቀድሞ ነገር ሰውነታችን ሕያውን ከሙት የሚለየው በምን ነው?

የላብራቶሪ ሰው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:15

ጋሽ ዘጌ፣ ይህ ከጥያቄዎች ሁሉ ጥሩው ነው። ስለ ገበታ ብቻ ጽፌ ሌላውን ግማሽ ትቼው ነበር።

የአንጀት ሴሎች ባክቴሪያን የሚለዩት በቁርጥራጩ ነው። የግድግዳው ቅባት፣ የጅራቱ ፕሮቲን፣ ሌላም ሌላም። ሴሎቹ ይህንን የሚዳስሱ ተቀባዮች አሏቸው። ቁራጩ ከሕያው ይምጣ ከሙት፣ ብዙዎቹ ተቀባዮች አይጠይቁም።

በ2008 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ የአይጥ ሙከራ ይህንን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። የትንሹ አንጀት ሴሎች ሬግ ሦስት ጋማ የሚባል ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ይህንን የሚያመነጩት ነባሮቹ ባክቴሪያዎች በየዕለቱ ሲዳስሷቸው ነው። ተመራማሪዎቹ አይጦቹን አንቲባዮቲክ ሲያጠጧቸው ዳሰሳው ቀረ፤ ፕሮቲኑም ቀነሰ። በዚህ ጊዜ ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ የማይበግረው ኢንትሮኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አንጀቱን ወረረው። ቀጥለው ሕያው ባክቴሪያ አልሰጧቸውም። ከባክቴሪያ ግድግዳ የተለየ ቅባታማ ቁራጭ ብቻ በአፋቸው ሰጧቸው። ፕሮቲኑ ተመለሰ፤ ወራሪውም በጣም ቀነሰ። ማንም ቦታ አልያዘም፣ ማንም ምግብ አልተሻማም። ምልክት ብቻ ደረሰ።

ከዚህ ተነሥቶ ግን እንጀራ እንዲሁ ያደርጋል ማለት አይቻልም። እዚያ የተሰጠው የተጣራና የተመጠነ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያው ቁራጭ በአንድ በኩል ሲነካ ሰላም፣ በሌላ በኩል ሲነካ ጩኸት ነው። የጅራቱን ፕሮቲን የሚዳስሰው ተቀባይ በትልቁ አንጀት ሴሎች ላይ በብዛት ያለው ወደ ባክቴሪያዎቹ በዞረው ፊት ሳይሆን ከሥር፣ ወደ ሥጋው በዞረው ጎን ነው። በደጅ የሚያልፍ መንገደኛ ደወሉን አይነካም፤ አጥሩን ጥሶ የገባ ግን ይነካዋል። በዚያን ጊዜ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባለው መልእክተኛ ወደ ሴሉ እምብርት ገብቶ ነጭ የደም ሴሎችን የሚጠሩ ኬሚካሎች እንዲሠሩ ያዛል። ቡቲሬት ደግሞ ቁጣን የሚያበርዱ የመከላከያ ሴሎች እንዲበዙ ይረዳል፤ ይህም በአይጥ ታይቷል። ማባረርና ማረጋጋት በአንድ ቤት የሚሠሩ ሁለት ሥራዎች ናቸው።

የፋርማሲ ባለሙያ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:00

የመቀመጫውን ነገር ተቀብያለሁ። ግን በሥራዬ የማየው ነገር አለ፦ ዱቄቱን የወሰዱ ልጆች ተቅማጣቸው ይቀንሳል። ጥናትም አለ። አንቲባዮቲክ ከሚወስዱ 100 ልጆች መካከል ያለ ፕሮባዮቲክ ወደ 19 ያህሉ ተቅማጥ ሲይዛቸው ከፕሮባዮቲክ ጋር ወደ 8 ይወርዳል። ይህ ከ6,000 በላይ ሕፃናትን ያካተቱ ጥናቶች ተደምረው የተገኘ ነው። ይህንን እንዴት ትክዳለህ?

የላብራቶሪ ሰው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:35

አልክድም፤ ጥሩ ቁጥር ነው። ግን ልብ በል፣ እነዚያ ልጆች ዱቄቱን የጀመሩት ከአንቲባዮቲኩ ጋር አብሮ፣ ተቅማጥ ሳይመጣ ነው። የእህታችን ልጅ ደግሞ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ተቅማጡም መጥቷል። ተቅማጥ ከያዛቸው በኋላ ስለመስጠት የምናውቀው በሆድ ኢንፌክሽን ከታመሙ ልጆች ነው። በ2018 በአሜሪካና በካናዳ ከ1,800 በላይ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች በዱቄቱና በባዶ ዱቄት መካከል ልዩነት አላገኙም። የተሞከሩት ዝርያዎች በየመደርደሪያው ያሉ የታወቁ ላክቶባሲለሶች ነበሩ። የበሽታው ምክንያት ስለሚለያይ እንዳለ ወደዚህ ልጅ አላዞረውም፤ ግን ጥንቃቄ ያስተምረኛል።

“ዓይነቱ አያስጨንቅሽ” ያልኸውን ግን አልቀበልም። በ2011 የታተመ የጃፓን ሙከራ አይጦችን ገዳይ በሆነው የኢ ኮላይ ኦ157 ዓይነት አስያዘ። አስቀድሞ አንድ የቢፊዶባክቴሪያ ዝርያ የተሰጣቸው ዳኑ፤ ሌላ ቢፊዶባክቴሪያ የተሰጣቸው ሞቱ። በሁለቱም አይጦች ሆድ ኢ ኮላዩ በቁጥር ተመሳሳይ ነበር! ልዩነቱ አንደኛው ፍሩክቶስን ወደ ውስጥ የሚያስገባበት በር ስላለው ስኳሩ በሚያልቅበት በታችኛው አንጀት እንኳ አሴቴት የሚባል አሲድ በብዛት መሥራቱ ነበር። አሴቴቱ የአንጀቱን ሴሎች አጠነከራቸው፤ ኢ ኮላዩ የሚያመነጨው መርዝ ወደ ደም እንዳያልፍ ገታው። ጠላቱ ሳይባረር በሽተኛው ዳነ። አንድ በር ሕይወትና ሞትን ከለየ የዝርያው መለያ ቁጥር እንዴት አያስጨንቅም?

ወተት ከጢስ ዓባይ መንገድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ሁሉንም አነበብሁት፤ እኔ ወተትና እርጎ ነው የምሸጠው። እንስራውን በወይራ አጥናለሁ፣ ወተቱን ጥሬውን አስገባና ሁለት ቀን አስቀምጠዋለሁ። እናቴም እንዲሁ ነበር። ጢሱና መኮምጠጡ ባክቴሪያውን ይገድላል ይባላል። ለሕፃን ሲገዙኝ ልሽጥ ወይስ ልከልክል? ደንበኞቼን መጉዳት አልፈልግም።

ነርስ ጣና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

እንዲህ ብለሽ መጠየቅሽ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ጢሱ ብዙዎቹን ያዳክማል፤ መኮምጠጡም ብዙ በሽታ አምጪዎችን ይገታል። ነገር ግን የከብት ቲቢና ብሩሴላ ከላሟ በጥሬ ወተት ሊመጡ ይችላሉ፤ እርጎው በመኮምጠጡ ብቻ ሁልጊዜ ይሞታሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ለሕፃን የሚሸጠውን ወተት አፍልተሽ፣ ለብ እስኪል አብርጂ፤ ከዚያ ከትናንቱ ጥሩ እርጎ ማንኪያ ጨምረሽ በንጹሕ ዕቃ ክደኚው። ማንኪያው ከተፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ይሁን፤ ካልሆነ ጥሬውን መልሰሽ አስገባሽ ማለት ነው።

ወተት ከጢስ ዓባይ መንገድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:12

የመጀመሪያውን ማንኪያ ታዲያ ከየት ላምጣ? የእኔ እርጎ ሁሉ ከጥሬ ወተት ነው።

የላብራቶሪ ሰው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

ከሱቅ ጣዕም ያልገባበት፣ ከፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራ እርጎ አንዴ ግዢ፤ ከዚያ የራስሽን ከራስሽ እያስቀጠልሽ ነው። የእርጎ ባክቴሪያዎች ወተቱን ለማርጋት ተመርጠው የኖሩ እንጂ የጨጓራን አሲድና የሐሞትን ምሬት አልፈው አንጀት ውስጥ ለመኖር አይደለም። አብዛኞቹ መንገደኞች ናቸው። ምግብነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ላክቶሱም በከፊል ስለተበላ ተቅማጥ ላለበት ልጅ ከወተት ይልቅ ይስማማዋል።

እናት ከሽምብጥ | እሑድ፣ ከቀኑ 9:30

አመሰግናለሁ፤ ሁላችሁንም። የሆነውን ልንገራችሁ። ዱቄቱን አልገዛሁም። ኦአርኤሱንና ዚንኩን ከጤና ጣቢያ አመጣሁ። እናቴ ወተት አፍልታ፣ ከሱቅ በገዛነው እርጎ አርግታ በየዕለቱ ግማሽ ሲኒ አጠጣችው። ሐሙስ ስድስት ጊዜ አስቀመጠውና ፈርቼ ነበር። መድኃኒቱ ዓርብ አለቀ። ትናንት ሦስት ጊዜ፣ ዛሬ ሁለቴ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ያወጣው እንደ ቀድሞው ጠንከር ያለ ነበር። እናቴ “አላልሁሽም?” ትላለች። እኔ ግን እርጎው ይሁን የመድኃኒቱ ማለቅ አላውቅም።

የፋርማሲ ባለሙያ | እሑድ፣ ከቀኑ 10:00

ልጁ ስለዳነ እግዚአብሔር ይመስገን። በአንድ ልጅ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ በአብዛኛው በራሱ ይቆማል። ለሌላ ጊዜ ግን አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪለት እላለሁ።

የላብራቶሪ ሰው | እሑድ፣ ከቀኑ 10:40

እዚህ ላይ እኔ እንደ አንተ እርግጠኛ አይደለሁም። በ2018 የወጣ የእስራኤል ጥናት ጤነኛ አዋቂዎችን አንቲባዮቲክ አስወስዶ በሦስት ከፈላቸው። የራሳቸው፣ አስቀድሞ የተቀመጠ ሰገራ የተመለሰላቸው በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞ ነዋሪዎቻቸው ተመለሱ። ምንም ያልተሰጣቸው በሳምንታት ቀስ ብለው ተመለሱ። 11 ዝርያ ያለው ፕሮባዮቲክ የወሰዱት ግን ከሁሉም ዘገዩ፤ አምስት ወር ቆይቶም ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም። እንግዳው እንግዳን ሲያባርር ባለቤቱንም ሊያዘገይ ይችላል። ተቅማጡ ቀንሶ የነዋሪዎቹ መመለስ ቢዘገይ ለሁለት ዓመት ልጅ የትኛው ይበልጣል? ሰዎቹ ጥቂትና አዋቂዎች ስለነበሩ ፍርዱን አልሰጥም።

ነርስ ጣና | እሑድ፣ ከምሽቱ 12:20

እኔ በዎርድ ቆሜ ሳስበው ሐሙስ ስድስት ጊዜ ያስቀመጠው ልጅ ይበልጥብኛል። ተቅማጥ ሕፃን የሚገድልበት አገር ነው ያለነው፤ አምስት ወር የዘገየ ባክቴሪያ ሲገድል አላየሁም። አንድ ነገር ግን ለሁሉም፦ በደም ሥሩ ትልቅ ቱቦ የገባለት ሕፃን፣ ያለጊዜው የተወለደ ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ካለ ፕሮባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጠው። ከእርሾ የተሠራው የፕሮባዮቲክ ዱቄት ከአልጋው አጠገብ ሲከፈት እንኳ በአየር ተንኖ ቱቦው ላይ ሊያርፍና ወደ ደም ሊገባ ይችላል።

የፋርማሲ ባለሙያ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:45

ዛሬ ሱቁን እንደከፈትሁ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሁለት ዓይነት ፓኬቶች አውርጄ በደንብ አነበብኋቸው። አንደኛው ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ ይላል፤ እርሾ ስለሆነ አንቲባዮቲኩ አይገድለውም፤ የዝርያው መለያና የቁጥሩ መጠን ተጽፎበታል። ሁለተኛው “ላክቶባሲለስ” ብቻ ነው የሚለው። ምን ዝርያ እንደሆነ አይናገርም፤ ቁጥሩም “በተመረተበት ጊዜ” ይላል እንጂ አገልግሎቱ እስኪያበቃ ድረስ ስንት እንደሚቆይ አይልም። ከታች በትንሽ ጽሑፍ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ ይላል። በእኔ ሱቅ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ስንት ወር እንደቆየ እኔ ነኝ የማውቀው። ለእህታችን ያሳዩዋት የትኛውን እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔን ሁለተኛውን ግን ከመደርደሪያው አውርጄዋለሁ።